ለጥገና ክፍል ተልኬ ደረሰኝ እየመዘገብኩ ነው፤ ልምምዱን ባቋርጥ ምን ይከተላል?

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመንፈቁን የሥራ ልምምድ የምሠራው ኮምቦልቻ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የምታውቁት ብትኖሩም እዚህ እንዳታነሱት እለምናለሁ።

ከትምህርት ክፍላችን አራት ተማሪዎች በአንድ ደብዳቤ ተላክን። ፋብሪካው በመለሰው የተቀባይነት ደብዳቤ ላይ አራታችንም በጥገና ክፍል እንድንለማመድ መቀበሉን ጽፏል፤ ማህተምም አለው። የገባን ቀን ግን ለሦስቱ ወንዶች ቱታ ተሰጥቷቸው ወደ ወርክሾፕ ሲወሰዱ የሰው ኃይል ኃላፊው እኔን «አንቺ ቢሮ ይሻልሻል፣ እዚያ ዘይትና ግሪስ ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽያጭ ቢሮ የደረሰኝ ቁጥርና መጠን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። የመጋዘን ጸሐፊው ሲቀር ደግሞ የጭነት መኪና አጠገብ ቆሜ ጆንያ እቆጥራለሁ። ወር ሊሞላኝ ነው።

በቃል ጠይቄያለሁ። ኃላፊው «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላሉ፤ የወርክሾፑ ፎርማን ደግሞ ምደባው የእሳቸው እንዳልሆነ ይናገራሉ። ባለፈው ጓደኞቼ አንዱ የሮለር ወፍጮ ተፈትቶ ኩሽኔታው ሲቀየር አብረው ሲሠሩ፣ እኔ በመስኮት በኩል ድምፁን እሰማ ነበር። በመንፈቁ መጨረሻ ስለ ጥገና ሪፖርት ጽፌ መምህራን ፊት ቀርቤ ማስረዳት አለብኝ። ስለ ምን ልጽፍ ነው?

ክፍያ የለውም። ከደሴ በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ የምመላለሰው ቤተሰቤ በሚሰጠኝ ገንዘብ ነው። ማቋረጥ እፈልጋለሁ፤ ግን ካቋረጥኩ ወድቃለች ተብሎ ከታች ካሉት ተማሪዎች ጋር በሚቀጥለው ዓመት እንድደግም እደረጋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ይህን ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረኝ።

ሁሴን ከባቲ

እህቴ አብሽሪ። ሰው አሠርቶ ደመወዝ መከልከል ሕገ ወጥ ነው። ቀጥ ብለሽ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ሂጂና የወሩን ደመወዝሽን አስከፍዪ። የእኔም ታናሽ ወንድም ግንባታ ላይ ሠርቶ ተከልክሎ ነበር፤ ከሶ ተከፍሎታል።

የሐይቅ ልጅ

ወንድሜ ሁሴን አመሰግናለሁ፤ ግን የደመወዝ ጥያቄ የለኝም። ክፍያ እንደሌለው አውቄ ነው የገባሁት። ጥያቄዬ የተስማማነው ሥራ ሌላ፣ የምሠራው ሌላ መሆኑ ላይ ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ደሴ

መልሱ ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አንቺ ገና ወር እንኳን አልሞላሽም። ነገ ቀርተሽ ብትውዪ የሚጠይቅሽ የለም። ደብዳቤ መጻፍም አይጠበቅብሽም።

መምህሩ

ወንድማችን የጠቀሰው ድንጋጌ አለ፤ ግን በዚህች ልጅ ጉዳይ ላይ አያርፍም። ያው አዋጅ ገና ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾቹ ውስጥ ለትምህርትና ለሥልጠና ተብሎ የሚፈጠር ግንኙነትን፣ ከለማጅነት በቀር፣ ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርገዋል። እሷ የተላከችው በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ ለውጤት በሚያዝ የትምህርት ክፍል ነው። ሠራተኛ ስላልሆነች የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር የላትም። ምክሩን ተከትላ ነገ ብትቀር ፋብሪካው አይከሳትም፤ የሚጎዳት ግን ሌላ ነው።

እኔ ለዓመታት ተለማማጅ ተማሪዎችን ወደ ፋብሪካ እየላክኩና እየተከታተልኩ ስለኖርኩ የሚሆነውን ልንገርሽ። በልምምድ ላይ ያለው ስምምነት የሁለት ወገን አይደለም፤ ተማሪው፣ ድርጅቱና ትምህርት ክፍሉ ናቸው። ውጤትሽም ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ የግምገማ ቅጹን ሞልቶ፣ ፈርሞና ማህተም አድርጎ አብዛኛውን ጊዜ በታሸገ ፖስታ ይልካል። የቀረው ከአማካሪ መምህርሽ፣ ከሪፖርቱና ከማቅረቢያው ቀን ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ በየትምህርት ክፍሉ ስለሚለያይ ቅጹን አስቀድመሽ ከአስተባባሪሽ ተቀብለሽ አንብቢው።

አሁን ነገሩን ከትምህርት ክፍሉ ወንበር ሆነሽ እዪው። አንዲት ተማሪ ቀረች፤ ከፋብሪካው የመጣው ቅጽ ላይ «ከዚህ ቀን ጀምሮ አልተገኘችም» የሚል ተጽፏል። ከእሷ በኩል ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈ አንዲት ወረቀት የለም። በኋላ መጥታ «የተሰጠኝ ሥራ ሌላ ነበር» ብትል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰንፎ የቀረ ተማሪም የሚናገረው ይህንኑ ነው። አስተባባሪው በምን ይለያቸው? የሚለያቸው የወረቀቱ ቀን ብቻ ነው፤ ቅሬታው ከመቅረቱ በፊት ከተጻፈ ጉዳዩ የምደባ ችግር ይሆናል፣ ከመቅረቱ በኋላ ከተጻፈ ግን እንደ ሰበብ ይታያል።

ስለዚህ «ላቁም ወይስ ልቀጥል» የሚለውን ለጊዜው ተዪውና በየቀኑ እየተገኘሽ ሦስት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ለአማካሪ መምህርሽ ዛሬውኑ ንገሪ፤ በስልክ ከነገርሽም ያንኑ በጽሑፍ ላኪለት። ሁለተኛ፣ የተቀባይነት ደብዳቤውን ኮፒ ያዢ፤ ጉዳይሽ ሁሉ የቆመው «በጥገና ክፍል» በሚለው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የዕለት መዝገብ ጀምሪ። ጠዋት ምን ሠራሽ፣ ስንት ሰዓት፣ ማን አዘዘሽ። ለምሳሌ «ከ2 እስከ 6 ሰዓት የደረሰኝ ምዝገባ፣ ከ7 እስከ 9 የጆንያ ቆጠራ» ብሎ ማስፈር ይበቃል። ምሬት አትጻፊበት። የአንድ ሳምንት መዝገብ ከአርባ ሰዓት ውስጥ ለጥገና የሚቆጠረው ሁለት እንኳን እንደማይሞላ ካሳየ ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

የወርክሾፕ ሰው

ልጄ፣ ያንቺን ፋብሪካ አላውቀውም፤ ግን በዱቄትና በዘይት ፋብሪካ ጥገና ዕድሜዬን ስለፈጀሁ ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ነገር አለ። ተለማማጅ ሲመጣ ማሽን አንሰጠውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መጥረጊያ፣ ጨርቅና የግሪስ ፓምፕ ይዞ ነው የሚያሳልፈው። ብዙ ተማሪ ይህን አይቶ «የጽዳት ሠራተኛ አደረጉኝ» ብሎ ይቀየማል፤ ተሳስቷል። ሮለሩን የሚጠርግ ልጅ የትኛው ኩሽኔታ ከሌላው ይበልጥ እንደሚሞቅ በእጁ ያውቃል፤ ቺንጊያው በየት በኩል እንደሚበላ ያያል። እኛ ደግሞ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ዋናውን ማብሪያ ማጥፋቱንና ቁልፉን ማን እንደያዘ ሳይጠይቅ እጁን የሚሰድ መሆን አለመሆኑን እናያለን። ያንን ካላየን አናስጠጋውም። ሮለር እጅ ይዞ አይመልስም።

ያንቺ ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፤ የምትሠሪው ዝቅተኛ ሥራ ወደ ማሽኑ የሚያስጠጋሽ ነው ወይስ በዚያው የሚቀር? ጥረጋውና ግሪሱ ያስጠጋሉ። ደረሰኝ ዓመቱን ሙሉ ብትመዘግቢ ወደ ሮለሩ አንድ እርምጃ አትቀርቢም። ስለዚህ ቅሬታሽ ትክክል ነው።

ምክንያቱንም ልንገርሽ። የጽሕፈት ቤት ሰው ጎድሎባቸዋል፤ ኮምፒውተር የምታውቅ ተማሪ በነጻ መጣችላቸው። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እኛ አካባቢ ስንት ፋብሪካ ተዘርፎ፣ ሰውም ተበትኖ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ዛሬም በሁለት ሰው ቦታ አንድ የሚሠራበት ቢሮ ብዙ ነው። ይህ ምክንያት እንጂ ማመካኛ አይሆናቸውም።

አንድ ምክር ልጨምር። የሰው ኃይል ኃላፊው ጋር ብቻ አትመላለሺ። የጥገና ክፍሉን ኃላፊ በሻይ ሰዓት ጠይቂውና «ቢመድቡኝ ይቀበሉኛል?» በይው። አዎ ካለሽ፣ ደብዳቤሽ ሲደርስ «ቦታ የለም» የሚለው መልስ ይዘጋል። ጥያቄሽም ትንሽ ይሁን፤ «በሳምንት አንድ ቀን በሚደረገው የቅድመ መከላከል ጥገና ላይ ልገኝ» ማለት ጥሩ መነሻ ነው። ወፍጮ ቆሞ የሚታይበት ቀን ስለሆነ በአንድ ቀን ብዙ ታዪበታለሽ።

ሰሚራ፣ ወልድያ

የእኔ ትንሽ ይለያል፤ ግን ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ ልጠይቅ። በአካውንቲንግ ተመርቄ «ክፍያ ያለው ልምምድ» ተብሎ ለስድስት ወር ገባሁ። በወር 3,000 ብር ነው። ማስታወቂያው ላይ የሒሳብ መዝገብና የወር መዝጊያ ሥራ ይላል። የምሠራው ግን ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ዕዳ ማስታወስና አዲስ ደንበኛ ማምጣት ነው። የፈረምኩት ወረቀት ላይ ከስድስት ወር በፊት ከለቀቅኩ የተከፈለኝን ሁሉ እመልሳለሁ የሚል አለበት። መውጣት እችላለሁ?

ለየሐይቅ ልጅ ደግሞ በሙያዬ አንድ ነገር ልንገርሽ። የምትነኪው ደረሰኝ ነው። በምንም መንገድ ብትለቂ ያለ ርክክብ እንዳትወጪ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትገቢው በማን ስም ነው? በሌላ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ከሆነ ዛሬውኑ በራስሽ ስም እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ፤ ካልከፈቱልሽም መጠየቅሽን በመዝገብሽ ጻፊው። የያዝሽው የደረሰኝ ጥራዝ ካለ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ጽፈሽ አስረክበሽ አስፈርሚ። አንድ ጥራዝ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትናንት የወጣችው ልጅ ናት። በዕለት መዝገብሽ ላይ ግን የደንበኛ ስምና የብር መጠን አታስገቢ፤ ያ የእነሱ ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ደሴ

መምህር፣ ስለ ትምህርት ግንኙነቱ ያሉትን አነበብኩ። ግን «ከለማጅነት በቀር» የሚለው ለምን ለእሷ አይሆንም? አዋጁ ስለ ለማጅ ሲናገር አሠሪው ከሚለምደው ሙያ ጋር ግንኙነት በሌለውና ለሥልጠናው በማይረዳ ሥራ ላይ ሊያሰማራው እንደማይችል በግልጽ ያስቀምጣል። አሠሪው ግዴታውን ካልጠበቀ ለማጁ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማቋረጥ ይችላል። ሲቋረጥም የሠለጠነበትን ሙያና ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለው። ይህ እኮ የእሷን ታሪክ ቃል በቃል ነው የሚናገረው።

የሰሚራ ግን ሠራተኛነት ነው። ደመወዝ አለ፣ ትእዛዝ አለ፣ የመማሪያ ተቋም በመካከል የለም። በእሷ ላይ የሙከራ ጊዜው ይሠራል።

መምህሩ

ስለ ለማጅ ያልከው ትክክል ነው፤ ጥሩ አንቀጽም ነው። ግን ያ ውል አሠሪውና ለማጁ ራሳቸው በጽሑፍ የሚያደርጉት፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውንና የሥራውን ሁኔታ የሚዘረዝር ነው። የእሷ ደብዳቤ ሁለት ተቋማት የተጻጻፉት ሆኖ አንዲት መስመር ብቻ አለው፤ እሷ እንኳን አልፈረመችበትም። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ለማጅ ናት ለማለት መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግን ክርክሩ ሳያልቅ መንፈቁ ያልቃል። አንቀጹን እንደ መመሪያ ውሰዱት፤ ሐሳቡን በደብዳቤዋ ውስጥ በራሷ አነጋገር ማስገባት ትችላለች።

ሰሚራ፣ ወንድማችን ያንቺን በደንብ አይቶታል። ሁለት ነገር አጣሪ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ የለም ማለት ነው፤ ወረቀትሽ ላይ ካለና 60 የሥራ ቀን ካላለፈሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ከሌለ ወይም ካለፈሽ ማስጠንቀቂያ ስጪ። የተከፈለሽን ሁሉ ትመልሻለሽ የሚለው አንቀጽ ግን ከአዋጁ ጋር የሚሄድ አይመስለኝም። ያለ ማስጠንቀቂያ ለለቀቀ ሠራተኛ እንኳን አዋጁ የካሳውን ጣሪያ በ30 ቀን ደመወዝ ወስኖታል። ሆኖም ወረቀቱን ሳላይ ይህ ነው ብዬ አልደመድምም። የፈረምሽውን ኮፒና ማስታወቂያውን ይዘሽ ጠበቃ ወይም የነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ አሳዪ። ስትለቂ የሰበሰብሽውን ዕዳ ማስረከብሽን እንዳትረሺ።

የሐይቅ ልጅ

የመከራችሁኝን አደረግኩ። የጥገና ክፍል ኃላፊውን አነጋገርኳቸው፤ «እኔ ደስ ይለኛል፣ የላኩልኝ ግን ሦስት ነው» አሉኝ። አማካሪ መምህሬም በጽሑፍ አሳውቂ አለኝ። ነገ የማስገባው ደብዳቤ ይህ ነው፤ እባካችሁ እዩልኝ።

«ለሰው ኃይል አስተዳደር። ጉዳዩ፦ በተቀባይነት ደብዳቤው መሠረት ወደ ጥገና ክፍል እንድመደብ ስለመጠየቅ። ድርጅቱ በጻፈው የተቀባይነት ደብዳቤ በጥገና ክፍል እንድለማመድ ተቀብሎኛል። ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ግን በሴትነቴ ምክንያት ወርክሾፕ እንዳልገባ ተደርጌ በሽያጭ ቢሮ የደረሰኝ ምዝገባ ላይ እገኛለሁ። የተያያዘው የዕለት መዝገብ ይህንኑ ያሳያል። ይህ ሥራ ከምማረው ሙያ ጋር ግንኙነት ስለሌለውና በመንፈቁ መጨረሻ የማቀርበው የጥገና ሪፖርት ስለሆነ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ወደ ጥገና ክፍል እንድመደብ፤ ይህ የማይቻል ከሆነም እስካሁን የቆየሁበትን ጊዜና የሠራሁትን ሥራ የሚገልጽ መሸኛ እንዲጻፍልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ የልምምድ አስተባባሪ።»

የወርክሾፕ ሰው

ደብዳቤው ግሩም ነው። «ካልሆነም መሸኛ» ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም መልስ ወደ መውጫ ያደርስሻል። «በሴትነቴ ምክንያት» የሚለውን ግን አውጪው። እውነት ነው፤ ግን ኃላፊው ያንን ሲያነብ የሚመልሰው ስለ ምደባሽ ሳይሆን ስለ ራሱ ስም ነው። ቁጭ ብሎ መከላከያ ይጽፋል፣ አንቺም ትዘገያለሽ።

ኢንጂነር እናት

ከጋሼ ጋር በዚህ አልስማማም። እኔ ደሴ ውስጥ በጥገና ሙያ የምሠራ ሴት ነኝ። እሱ ቃል ካልተጻፈ በሚቀጥለው ዓመት የምትላከው ልጅ ያው ሽያጭ ቢሮ ትገባለች፤ ትምህርት ክፍሉም ለምን እንደሆነ አያውቅም። ኃላፊው ራሱ በቃሉ የተናገረውን ነው የጻፈችው። ዘይትና ግሪስ ከእጅ በሳሙና ይለቃል። ያልተማረችው ሙያ ግን ቅጥር ፈተና ላይ ይጠይቃታል።

መምህሩ

ሁለታችሁም የምትሉት ይገባኛል። እኔ ብሆን ለፋብሪካው በሚሄደው ደብዳቤ ላይ «በአንድ ደብዳቤ ከተላክን አራት ተማሪዎች ሦስቱ ወርክሾፕ ተመድበዋል» ብዬ እተወዋለሁ፤ አንባቢው ይገባዋል። የተባለችውን ቃል በቃል ደግሞ ለአስተባባሪው ለብቻው እጽፋለሁ። ግን የምትፈርመው እሷ ናት፤ ወሳኟም እሷ ናት።

ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጅ አትስጪ። መዝገብ ቤት አስገቢና ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ኮፒሽ ላይ አስጽፈሽ አስፈርሚ። መልስ እስኪመጣ ድረስ አንድም ቀን እንዳትቀሪ።

ሁሴን ከባቲ

እኔስ እላለሁ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ከመጻፍ ሌላ ድርጅት ለምን አትጠይቅም? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሞልቷል።

መምህሩ

ወንድሜ ሁሴን፣ ትጠይቅ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አዲሱ ድርጅት የሚቀበላት ከትምህርት ክፍሉ አዲስ ደብዳቤ ይዛ ስትሄድ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ አዲስ ደብዳቤ የሚጽፈው ከአሮጌው መሸኛ ሲያይ ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መንፈቁም እየሄደ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ታካሂድ። አዲሱን ቦታ በቃል ታረጋግጥ፣ መሸኛው በእጇ ሲገባ ብቻ ትዛወር።

የሐይቅ ልጅ

የሆነውን ላሳውቃችሁ። ቃሉን መምህሩ እንዳሉት አስተካክዬ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ የተባልኩትን ግን ለአስተባባሪያችን በሙሉ ጻፍኩለት። ፋብሪካው በሳምንቱ ጠርቶኝ «ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሞከርኩት። ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ የጠዋቱን ሥራ ጨርሶ መሣሪያ ያጥባል፤ ማሽን የሚፈታው ጠዋት ነው። ይህንንም በመዝገቤ ጻፍኩ። አስተባባሪው መዝገቡን አይቶ ራሱ ወደ ኃላፊው ደወለ፤ ከዚያ በኋላ መሸኛው ተጻፈልኝ። «በሽያጭ ቢሮ የደረሰኝ ምዝገባ ላይ ቆይታለች» ይላል። ሰሚራ እንዳልሽኝ የደረሰኝ ጥራዞቹን በቁጥራቸው አስረክቤ አስፈርሜያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አሁን ደሴ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ገብቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የተፈቱ ቡሎኖችን በናፍታ ማጠብና በልካቸው መደርደር ነው፤ ጋሼ እንዳሉት ከመኪናው ሥር ሆኜ ነው የምሠራው። ሐረጎን መመላለስም ቀረልኝ።

ያልተፈታው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገር ነው። አስተባባሪው እንደሚቆጠሩልኝ ያምናል፤ አንድ ሌላ መምህር ደግሞ በሙያው ስላልሆነ ጊዜውን በክረምት ማካካስ አለባት ብሏል። ለትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ይቀርባል።

ሰሚራ፣ ወልድያ

እንኳን ደስ አለሽ። የእኔን ወረቀት አየሁት፤ የሙከራ ጊዜ የሚል የለበትም። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ጽፌ አስገብቻለሁ። ገንዘብ መልሺ ይሉኝ አይሉኝ ገና አላውቅም። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ተመሳሳይ ወረቀት ፈርማ ወጥታ ምንም አልጠየቋትም፤ ሌላው ግን የመጨረሻ ወሩ ክፍያ ተይዞበታል።

የሕግ ተማሪ፣ ደሴ

ሰሚራ፣ ከያዙብሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የማስታወቂያውን ኮፒ ከወዲሁ አስቀምጪ፤ ከመግቢያው በር ላይ ሲነሳ ሌላ ማስረጃ አይኖርሽም።

መምህሩ

የሐይቅ ልጅ፣ ለስብሰባው አንድ ነገር አዘጋጂ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሪፖርትሽ አትደብቂያቸው፤ መሸኛው ላይ ስላለ ይታያል። አንድ ገጽ ስጫቸው፤ የተላክሽበትን፣ የተሰጠሽን፣ የጠየቅሽበትን ቀንና የመልሱን ቀን በቅደም ተከተል አስቀምጪ፣ መዝገቡንም በአባሪነት አያይዢ። ጆንያ ስትቆጥሪ ያየሽው ነገር ካለ ደግሞ ተጠቀሚበት። የማሸጊያ ማሽኑ በቀን ስንት ጊዜ ይቆም ነበር? ለምን? ይህን በቀንና በሰዓት ከመዝገብሽ ማውጣት ከቻልሽ እሱ የጥገና መረጃ ነው፤ ጊዜውን አካክሺ የሚለው መምህርም የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ካልመዘገብሽው ግን ከአእምሮሽ አታውጪ።

የሐይቅ ልጅ

የቆመበትን ሰዓት በአንዳንድ ቀን ጽፌያለሁ፤ ጭነቱ ስለሚዘገይ ለሹፌሮቹ መንገር ነበረብኝ። ምክንያቱን ግን አልጻፍኩም። ከሦስቱ ጓደኞቼ አንዱ ወርክሾፕ ውስጥ ያንኑ ማሽን ይሠራ ስለነበር ቀኖቹን ከእሱ መዝገብ ጋር አስተያይቼ እመለሳለሁ።